ለሰርጉ ስንት ኪሎ ይወርዳል? የ12 ሳምንት የስብ መቀነሻ ዕቅድ አወጣጥ

ሰርግ ሦስት ወር ሲቀረው የምትመጣ ጥያቄ አለች። «እስከዚያ 20 ኪሎ ልቀንስ እችላለሁ?» ይህን ከጓደኛ ከመጠየቅ በስልክ ካልኩሌተር መጠየቅ ይሻላል። ጓደኛ ይሉኝታ ይይዘዋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሴት ናት እንበል፣ ዕድሜዋ 34፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቷ 80 ኪሎ። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብላ ትሠራለች። ጠዋትና ማታ እስከ ታክሲ ተራ በእግሯ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሌላ ስፖርት የላትም። ለእህቷ ሰርግ 60 ኪሎ ሆና መታየት ትፈልጋለች። የእሷን ቁጥር በራሳችሁ እየተካችሁ ተከተሉ።

አንዳንድ ሰው ግን ከዚህ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ከዚህ በፊት ምግብ በመተው ወይም በማስመለስ የታመመ ሰው ብቻውን አይጀምር። የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ምግቡን ቀንሶ መድኃኒቱን ባለበት ከተወው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲቀንስ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትቀይሩ አንድ ሳምንት ተመዘኑ

መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ጫማ አለ፣ ጃኬት አለ፣ ምሳ አለ። ሁልጊዜ አንድ ሚዛን ተጠቀሙ። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡት፤ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ይዋሻል። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስና ውሃ ሳይቀመስ፣ በስስ ልብስ ተመዘኑ። የሰባቱን ቀን ቁጥር ደምሩና ለሰባት አካፍሉ። መነሻችሁ ያ አማካይ ነው። የአንድ ቀን ቁጥርን ለብቻው አትመኑት፤ ትናንት ማታ በተበላ ጨው ብቻ አንድ ኪሎ ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል።

ቀጥሎ የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጉ። ከመጨረሻው ጎድን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ ያለውን መሐል ቦታ ያዙ። ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ለኩ። ይህ ቁጥር በኋላ ሚዛኑ ሲያናድዳችሁ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 2፦ ምኞቱን በሒሳብ ፈትኑት

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። 20 ኪሎ ስብ ማለት 154,000 ካሎሪ ነው። 12 ሳምንት 84 ቀን ስለሆነ፣ በቀን 1,833 ካሎሪ ማጉደል ይጠይቃል።

አሁን በቀን ምን ያህል እንደምታቃጥል እንይ። ለሴት የሚሠራው ቀመር ይህ ነው፦

ክብደት በኪሎ × 10 + ቁመት በሴንቲ ሜትር × 6.25 − ዕድሜ × 5 − 161

ለወንድ መጨረሻ ላይ 161 መቀነሱ ይቀርና 5 ይደመራል። ለእሷ 1,488 ይመጣል። ይህ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል እንኳ የምታቃጥለው ነው። ቁጭ ብሎ ለሚሠራና ትንሽ ለሚራመድ ሰው በ1.375 ይባዛል፤ 2,050 አካባቢ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ የሚል፣ መኪናም የሚነዳ ሰው በ1.2 ያባዛ።

ከ2,050 ላይ 1,833 ሲነሳ 217 ካሎሪ ይቀራል። አንድ ቁራሽ እንጀራ በትንሽ ሽሮ፣ በቃ፣ የቀኑ ምግብ አለቀ። ይህን ለ84 ቀን። የ20 ኪሎው ምኞት እዚህ ላይ ይሞታል፤ ቀድሞ ቢሞት ነው የሚሻለው።

ደረጃ 3፦ ሦስት ቁጥር ያዙ፣ አንድ አይደለም

አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚነሳ ሰው ወይ አሸነፈ ወይ ተሸነፈ። ሦስት ሲሆን ግን መሐል አለው።

የመጀመሪያው ጣሪያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፍጥነት በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ነው፣ ወይም ከክብደታችሁ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ። ለእሷ 1 በመቶ 800 ግራም ነው፤ በ12 ሳምንት 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግን ለዚያ በቀን ወደ 880 ካሎሪ ማጉደል አለባት፤ የሚቀራት 1,170 ነው። ሴት ያለ ሐኪም ክትትል ከ1,200 በታች፣ ወንድ ከ1,500 በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ 1 በመቶው በወረቀት ላይ ቢፈቀድም ለእሷ አይሠራም። ጣሪያዋ 7 ኪሎ ነው ብንል ይሻላል።

አንድ 110 ኪሎ የሆነ፣ 1 ሜትር ከ78 የሚረዝም የ40 ዓመት ወንድ ግን ሌላ ነው። እሱ በቀን ወደ 2,770 ያቃጥላል። 800 ቢያጎድል ገና 1,970 ይበላል። በ84 ቀን ሒሳቡ 8.7 ኪሎ ይሰጠዋል። ባልና ሚስት አንድ ላይ ጀምረው ባል ቶሎ ሲቀንስ ቤት ውስጥ ኩርፊያ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሚስትየዋ አልሰነፈችም፤ የምትቀንሰው ከሌላ ድምር ላይ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ግቡ ነው። እሷ በቀን 500 ብታጎድል 42,000 ካሎሪ ይሆናል፤ ለ7,700 ሲካፈል 5.45 ኪሎ። ነገር ግን ይህ ሒሳብ ሁልጊዜ ትንሽ ያጋንናል። ሰውነት ሲቀልል የሚያቃጥለው ይቀንሳል፤ ሰውም ሳያውቀው እንቅስቃሴው ይቀዘቅዛል፤ ሰርግና ልደት የሌለበት ሦስት ወርም የለም። ከሒሳቡ ላይ አንድ ስድስተኛውን አንሱ። ግቧ 4.5 ኪሎ ይሁን።

ሦስተኛው ወለሉ ነው፤ ቢያንስ ይህን ያህል ካልወረደ አንድ ነገር አልሠራም የሚያሰኝ። ለእሷ 3 ኪሎ።

4.5 ኪሎ ማንንም አያስደንቅም፣ አውቃለሁ። ግን ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ማሻሻል የሚጀምርበት መጠን ነው፤ ለእሷ 5 በመቶ 4 ኪሎ ነው። ቀሚሷም ወገቧ ላይ ይሰፋል።

ደረጃ 4፦ 500ውን ከየት እንደምታመጡት ወስኑ

«ትንሽ እበላለሁ» ዕቅድ አይደለም። ከምን ላይ ስንት እንደሚቀነስ በቁጥር መጻፍ አለበት።

እሷ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ለስላሳ ትጠጣለች፤ 300 ሚሊ ሊትሩ 125 ካሎሪ አካባቢ ነው። እሱን በውሃ ተካችው። በቀን ሁለት ማኪያቶ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ትጠጣለች፤ ስኳሩን ብቻ ብትተው 64 ይወርዳል። እንጀራ በግምት በየ100 ግራሙ 150 ካሎሪ አለው፤ በቀን 100 ግራም ቀነሰች። የኩሽና ሚዛን ከሌለ የምትበሉትን እንጀራ አንድ ሩብ ቆርጣችሁ መሶቡ ውስጥ መልሱ።

ትልቁ ነገር ዘይቱ ነው። ወጥ ሲሠራ ዘይት በዓይን ነው የሚፈስሰው። አንድ ቀን 200 ሚሊ የሚይዝ ብርጭቆ ውስጥ ለክታችሁ ጨምሩና እዩት። ያ ብርጭቆ 1,600 ካሎሪ ይይዛል። ለአምስት ሰው ሲካፈል 320 ነው፣ ሽንኩርቱና ምስሩ ሳይቆጠር። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ አብስላችሁ ዘይቱን በግማሽ ብታወርዱ ለእያንዳንዱ ሰው 160 ይቀንሳል፣ የሚያማርርም የለም። ከለመደ አማት በቀር።

ድምሩ 499 ሆነ። ጂም አልገባችም፤ ቁርስ አልዘለለችም፤ ሽሮዋም አለች።

በስፖርት ብቻ 500ውን ለማምጣት ከሞከራችሁ ቶሎ ትደክማላችሁ። ግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ ለእሷ ክብደት 150 ካሎሪ ቢያቃጥል ነው። እርምጃው ይቀጥል፣ ግን ለእሱ ተብሎ ማታ አንድ ሳምቡሳ ከተበላ ሒሳቡ ዜሮ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚወርደው ስብ መሆኑን አረጋግጡ

ሚዛን ኪሎ እንጂ ስብ አይቆጥርም። ምግብ ብቻ ሲቀነስ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ይህን ለመቀነስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ጡንቻን ማሠራት ነው፦ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ስኳት፣ ፑሽ አፕ (ግድግዳ ተደግፎም ይሆናል)፣ በውሃ የተሞላ ጀሪካን ማንሳት። ሌላው ፕሮቲን ነው። በየኪሎው ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይበቃል፤ ለእሷ በቀን 100 ግራም አካባቢ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ፤ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት ሥጋ 30 ያህል።

ጡንቻ እየሄደ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው። ኪሎው ይወርዳል፣ ወገብ ግን አይንቀሳቀስም፤ ባለፈው ሳምንት ያነሳችሁት ጀሪካን ዛሬ ይከብዳችኋል። እንዲህ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ 150 ወይም 200 ካሎሪ መልሱ፣ በተለይ በፕሮቲን።

«የማቅጠኛ ሻይ» የሚባለውን በተመለከተ ደግሞ አጭር ነው። ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው። ሽንት ቤት ያመላልሷችኋል፣ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። ስቡን አልነኩትም።

ደረጃ 6፦ ሳምንቶቹን ማንበብ ተማሩ

ሰው ዕቅዱን የሚጥለው በርሃብ ብቻ አይደለም። ሚዛኑን አሳስቶ በማንበብም ነው። እሷ በየሳምንቱ አማካይ ብታወጣ ቁጥሯ ይህን ይመስላል እንበል።

መጀመሪያ 80 ነበረች። አንደኛው ሳምንት 78.9፣ ሁለተኛው 78.3። ደስ አላት። ግን ያ የመጀመሪያው 1.1 ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር በየግራሙ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይኖራል። ምግብ ሲቀንስ እሱ ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በዚህ ፍጥነት ተደስታችሁ «በ12 ሳምንት 13 ኪሎ» ብላችሁ አትቁጠሩ።

ሦስተኛው ሳምንት 78.5 ሆነ። ጨመረች! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሴት የምታቆመው። ግን የወር አበባዋ ሊመጣ ስለነበር ሰውነቷ ውሃ ይዞ ነው። አራተኛው ሳምንት 77.5 ሲሆን ነገሩ ታየ። ከዚያ 77.1፣ 76.7፣ ሰባተኛው ሳምንት ደግሞ መልሶ 76.9።

ሴቶች ቁጥራችሁን ካለፈው ሳምንት ጋር አታወዳድሩ። ከአራት ሳምንት በፊት ካለው፣ ከወር አበባው ተመሳሳይ ጊዜ ጋር አወዳድሩ። ሦስተኛው 78.5 ነበር፣ ሰባተኛው 76.9 ነው። በአራት ሳምንት 1.6 ኪሎ፣ በሳምንት 400 ግራም። ልክ በዕቅዱ። ካለፈው ሳምንት ጋር ብታወዳድረው ግን 200 ግራም የጨመረች ትመስላለች።

ወገብን በየሁለት ሳምንቱ ለኩ። በግምት አንድ ኪሎ ስብ ሲወርድ አንድ ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ሰው ከሰው ይለያያል።

ደረጃ 7፦ እውነተኛ መቆም ሲመጣ

ስምንተኛው ሳምንት 76.1፣ ከዚያ 75.9፣ 75.7፣ አሥራ አንደኛው 75.9። አሁን ሰባተኛውንና አሥራ አንደኛውን ስናወዳድር በአራት ሳምንት የወረደው 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ በሳምንት 250 ግራም። ይህ ውሃ አይደለም፤ በእውነት ቀዝቅዟል።

ወዲያው ምግብ አትቀንሱ። መጀመሪያ ሦስት ቀን የምትበሉትን ሁሉ ጻፉ፣ ዘይቱንም እንደገና ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ አለ። የብርጭቆው ግማሽ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ቢሮ ውስጥ አንድ ቦንቦሊኖ ተጨምሯል። ይህ ንጹሕ ከሆነና ወገብም ሦስት አራት ሳምንት ካልተነቃነቀ፣ 100 ወይም 150 ካሎሪ ብቻ ቀንሱ፣ ወይም በቀን 20 ደቂቃ እርምጃ ጨምሩ። ከ1,200ው ወለል በታች ግን አትውረዱ። ወለሉ ላይ ከደረሳችሁ መፍትሔው ጊዜውን ማራዘም ነው።

እሷ በ12ኛው ሳምንት 75.1 ላይ ደረሰች። 4.9 ኪሎ፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ። ግቧ ላይ ናት ማለት ይቻላል።

ጾም መሐል ከገባ

12 ሳምንት ስትቆጥሩ ካሌንደሩን እዩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከ12 ሳምንቱ ስምንቱን ሊይዝ ይችላል። ጾም በራሱ አያቀጥንም። ሥጋና ቅቤ ይቀራል፣ ግን ዘይቱ ይጨምራል፣ ድንች ጥብሱና ሳምቡሳው ይበዛል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ስለዚህ ምስር፣ ሽሮ፣ ሽሮ ፍትፍት ብቻ ሳይሆን አተርና ባቄላ፣ ከተገኘም ሶያ በየማዕዱ ይኑር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የክብደት ልምምዱን ከምግብ በኋላ አድርጉት።

የ12ኛውን ሳምንት ሚዛን ፋሲካ ላይ አትጣሉት። የበዓል ማግስት አንድ ተኩል ሁለት ኪሎ ጨምሮ መገኘት የተለመደ ነው። ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከምታቃጥሉት በላይ 15,400 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል፤ በአንድ ዶሮ ወጥ አይሆንም። ጨው፣ ውሃና ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው። ወደ ልማዳችሁ ተመለሱ፣ አምስት ስድስት ቀን ጠብቁና ተመዘኑ። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፤ በወሩ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከኢፍጣር በፊት፣ መመዘን ይሻላል፤ ግን የውሃ ጥም ያለበትን ቁጥር ከረመዳን በፊት ካለው ጋር አታወዳድሩ።

ፍጥነቱ እንደበዛ የሚያሳዩ ምልክቶች

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኋላም በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚወርድ ከሆነ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ምልክቱ ከቀኝ ጎድን ሥር፣ በተለይ ቅባት ከተበላ በኋላ የሚመጣ ከባድ ሕመም ነው፤ ወደ ቀኝ ትከሻም ሊሄድ ይችላል። ይህ ሲሆን ዝንጅብል አፍልቶ መጠበቅ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

የወር አበባ ከቀረ፣ ስትነሱ ዓይን ከጨለመ፣ ሁልጊዜ ከበረዳችሁ፣ ምግብ ቀኑን ሙሉ ከሐሳባችሁ ካልወጣ በጣም ወርዳችኋል። ፀጉር መርገፍ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከፈጣን መክሳት ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ማበጠሪያ ላይ ይታያል፤ ሰውም ሻምፖውን ይወቅሳል።

ከ12ኛው ሳምንት በኋላ

ቀጥ ብላችሁ ሁለተኛ ዙር አትጀምሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ክብደቱን ይዞ መቆየት ልመዱ። ለእሷ በ75 ኪሎ ሒሳቡ ሲታደስ በቀን 1,980 አካባቢ ይመጣል፤ 1,900 ላይ ብትጀምር ይሻላታል። ምግቡ ከፍ ሲል በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይዘላል። ያ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ሲመለስ ነው። ከዚያ በኋላ አማካዩ እየጨመረ ከሄደ 100 ቀንሱ፤ ባለበት ከቆመ አዲሱ ቁጥራችሁ እሱ ነው። የሚቀጥለውን ዙር ሒሳብ ከዚያ ላይ ሥሩ፣ ከ80 ላይ አይደለም።